6 ሜትር ቱቦላሬ ክፍልዎ ውስጥ ይገባል? የክፍልን ሰያፍ የመለካትና የማስላት መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ የብየዳ ወይም የግንባታ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ክፍሌ ይህን ያህል በይህን ያህል ነው፤ 6 ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ሳልቆርጠው ውስጥ ላስገባው እችላለሁ?» ጥያቄው በተለይ ክረምት ሲቃረብ ይበዛል፤ ብረቱ በግቢ ውስጥ ሲቀመጥ ዝናብ ያዝገዋል፣ ሲቆረጥ ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልገው ርዝመት ሊበላሽ ይችላል። ይህ መመሪያ መልሱን በሜትርና በስልክ ካልኩሌተር እንዴት እንደሚያገኙት ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ምሳሌ የማደርገው ክፍል ከውስጥ ሲለካ ርዝመቱ 4.00 ሜትር፣ ወርዱ 3.50 ሜትር፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለው ከፍታ 2.80 ሜትር ነው። የሚገባው ብረት 40 በ 40 ሚሊ ሜትር የሆነና ርዝመቱ 6.00 ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ነው። ይህን ክፍል የመረጥሁት ስሌቱ መጀመሪያ ላይ «ይገባል» የሚል መልስ ሰጥቶ፣ ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ያን መልስ ስለሚቀይሩት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 5 ሜትር፣ ቢቻል 7.5 ሜትር የሚደርስ የብረት ሜትር
- የማይለጠጥ ሲባጎ
- ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶች፣ እንዲሁም እነሱን አቆራኝቶ የሚያስር ጨርቅ ወይም ገመድ
- እርሳስና ወረቀት
- ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ካልኩሌተር (ባይኖርም ያለ እሱ የሚሠራበትን መንገድ በደረጃ 4 አሳያለሁ)
- ሜትሩን በሌላኛው ጫፍ የሚይዝ አንድ ረዳት

ሁለት ስሞች

በዚህ መመሪያ ውስጥ «የወለል ሰያፍ» ስል በወለሉ ላይ ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ ፊት ለፊቱ ወዳለው ማዕዘን የሚሄደውን ቀጥታ መስመር ማለቴ ነው። «የክፍል ሰያፍ» ስል ደግሞ ከወለሉ አንድ ማዕዘን ተነሥቶ በክፍሉ መካከል በአየር ላይ አልፎ፣ በርዝመትም በወርድም ተቃራኒ በሆነው ጥግ ላይ ወዳለው የኮርኒስ ማዕዘን የሚደርሰውን መስመር ማለቴ ነው። አራት ማዕዘን በሆነ ክፍል ውስጥ ከክፍል ሰያፍ የሚረዝም ቀጥታ መስመር የለም። ምክንያቱም በክፍሉ ውስጥ የሚገኙ ሁለት ነጥቦች በርዝመት አቅጣጫ ከ4.00፣ በወርድ አቅጣጫ ከ3.50፣ በከፍታ ከ2.80 ሜትር በላይ ሊራራቁ አይችሉም፤ የክፍል ሰያፍ ደግሞ ሦስቱንም ርቀቶች በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው የሚጠቀመው መስመር ነው። ስለዚህ ብረቱን በሌላ አቅጣጫ በማዘንበል ተጨማሪ ቦታ አይገኝም።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ጎኖች ከውስጥ ይለኩ

ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን ከልስን እስከ ልስን፣ ከተጠናቀቀ ወለል እስከ ኮርኒስ ይለኩ። እያንዳንዱን ጎን በሁለት ቦታ ይለኩና ትንሹን ቁጥር ይያዙ። በግድግዳው ሥር ከወለሉ አጠገብ ወደ ውስጥ የወጣ ጠርዝ ካለ፣ ብረቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ከጠርዙ ላይ ይለኩ።

ፕላን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይውሰዱ። በፕላን ላይ የሚጻፈው ልክ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ግድግዳ መሐል እስከ ሌላው ግድግዳ መሐል ያለው ርቀት ነው። የእኛ ክፍል በፕላን 4.00 በ 3.50 ተብሎ ቢጻፍና ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ቢሆን፣ የውስጡ ልክ ያለ ልስን 3.80 በ 3.30 ብቻ ይሆናል፤ የክፍል ሰያፉም ከ6.01 ወደ 5.76 ሜትር ይወርዳል። 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ልዩነት ነው።

የመለካት ስህተት በውጤቱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማወቅም ጠቃሚ ነው። በእኛ ክፍል የ4 ሜትሩን ጎን 1 ሳንቲ ሜትር አሳስተው ቢለኩ ሰያፉ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ በከፍታው ላይ የተፈጠረ 1 ሳንቲ ሜትር ስህተት ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያመጣል። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ቢሳሳቱ ድምሩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ለጥንቃቄ እንዲተዉ የምጠይቅዎ ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ክፍሉ በስኳድራ መሆኑን ይፈትሹ

ሁለቱንም የወለል ሰያፎች በሲባጎ ይለኩ። እኩል ከሆኑና ተቃራኒ ግድግዳዎችም እኩል ከሆኑ ክፍሉ በስኳድራ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ይለፉ። በእኛ ክፍል ሁለቱም 5.315 ሜትር ሊሆኑ ይገባል።

እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ተዛብቷል ማለት ነው። ይህ በአሮጌ ቤቶችና በተዳፋት ላይ በተሠሩ ክፍሎች፣ በደሴ ኮረብቶች ላይ እንዳሉት ባሉ ቤቶች፣ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ለምሳሌ አንዱ የወለል ሰያፍ 5.28፣ ሌላው 5.35 ሜትር ቢሆን፣ በረዥሙ በኩል የክፍሉ ሰያፍ 6.04 ሜትር ይደርሳል፤ በአጭሩ በኩል ግን 5.98 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በተዛባ ክፍል ውስጥ ብረቱ የሚጋደምበት አቅጣጫ ለውጥ ያመጣል፤ እርስዎም በቀጣዩ ደረጃ በርዝመትና በወርድ ፈንታ ረዥሙን የወለል ሰያፍ ራሱን ለክተው ይጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ የክፍሉን ሰያፍ ያስሉ

ሦስቱንም ልኮች በሜትር ይጻፉ። እያንዳንዱን በራሱ ያባዙ፣ ሦስቱን ውጤቶች ይደምሩ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት ያውጡ።

√(ርዝመት² + ወርድ² + ከፍታ²)

በእኛ ክፍል፦

- 4.00 × 4.00 = 16.00
- 3.50 × 3.50 = 12.25
- 2.80 × 2.80 = 7.84
- ድምር = 36.09
- የ36.09 ስኩዌር ሩት = 6.0075 ሜትር

ይህ አሠራር በትምህርት ቤት የምናውቀው የፓይታጎረስ ሕግ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ነው። መጀመሪያ በወለሉ ላይ ርዝመቱና ወርዱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ስለሚገናኙ የወለል ሰያፉ 5.315 ሜትር ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ግድግዳው ከወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ የወለል ሰያፉና የጥጉ ከፍታ ሌላ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ፤ የዚህ ሁለተኛ ሦስት ማዕዘን ረዥም ጎን የክፍሉ ሰያፍ ነው። በደረጃ 2 ረዥሙን የወለል ሰያፍ በቀጥታ የለኩ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ተጠናቋል፤ እሱን በራሱ አባዝተው የከፍታውን ብዜት መጨመር ብቻ ይቀርዎታል።

ኮርኒስ የሌለውና ጣራው ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ክፍል ከሆነ፣ የጥጎቹ ከፍታ ስለሚለያይ ከፍ ያለውን ጥግ ይምረጡ። በአንድ በኩል 3.20፣ በሌላው በኩል 2.60 ሜትር ከሆነ፣ በዝቅተኛው በኩል ካለው የወለል ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ከፍተኛው ጥግ የሚሄደው መስመር 28.25 + 10.24 = 38.49፣ ማለትም 6.20 ሜትር ይሆናል። ይሁንና ከፍታውን ከቆርቆሮው ሳይሆን ከሞራሌው ወይም ከታችኛው አግዳሚ እንጨት ሥር ይለኩ፤ የብረቱ ጫፍ ቀድሞ የሚነካው እንጨቱን ነው።

ደረጃ 4፦ የብረቱን ውፍረት ይቀንሱ

6.0075 ከ6.00 ይበልጣል፤ ታዲያ ቱቦላሬው ይገባል? አይገባም። እስካሁን ያሰላነው ውፍረት የሌለውን መስመር ነው። ብረቱ ግን ውፍረት ስላለው፣ የመሐል መስመሩ ወደ ማዕዘኑ ጫፍ ሊደርስ አይችልም፤ ጠርዙ ሦስቱን ግድግዳዎች (ሁለቱን ግድግዳና ኮርኒሱን ወይም ወለሉን) ቀድሞ ይነካና ይቆማል። ይህ በሁለቱም ጫፎች ይሆናል።

ለክብ ዘንግ የሚጠፋው ርዝመት በሁለቱ ጫፎች በድምሩ ከውፍረቱ 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። ቁጥሩ እንደ ክፍሉ ቅርጽ ትንሽ ይለዋወጣል፤ በኩብ ቅርጽ ክፍል 1.41፣ በእኛ ክፍል ደግሞ 1.38 ይሆናል። ለሥራ ግን አንድ ሕግ ይበቃል፦ የውፍረቱን 1.5 እጥፍ ይቀንሱ። ዘንጉ ከክፍሉ ጋር ሲነጻጸር ቀጭን እስከሆነ ድረስ ይህ ቁጥር ሁልጊዜ በቂ ነው።

ቱቦላሬ አራት ማዕዘን ስለሆነ «ውፍረት» የሚባለው ከጎን እስከ ጎን ያለው 40 ሚሊ ሜትር ሳይሆን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ነው፤ ይኸውም 40 × 1.41፣ ወደ 5.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የዚህ 1.5 እጥፍ 8.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

- 600.75 − 8.6 = 592.15 ሳንቲ ሜትር
- ለጥንቃቄ 2 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ = 590 ሳንቲ ሜትር ገደማ

ስለዚህ በዚህ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው የ40 በ 40 ቱቦላሬ 5.90 ሜትር ነው፤ ባለ 6 ሜትሩ አይገባም። 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንኳ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ከሰያፉ የሚቀረው ትርፍ 7.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን የፌሮው ውፍረት ደግሞ ከዚያ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ርዝመት ይበላል። በእርግጥ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ፌሮ በራሱ ክብደት ስለሚጎብጥ በትንሹ ታጥፎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቱቦላሬና የውሃ ቧንቧ ግን እንዲህ አይጎብጡም፤ ቢገፏቸው የሚጎዳው ልስኑና ኮርኒሱ ነው።

ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ካልኩሌተር ከሌለዎት ሥራውን ገልብጠው ይሥሩት። ውፍረቱ የሚበላውን 8.6 ሳንቲ ሜትር ከክፍሉ ከመቀነስ ይልቅ በብረቱ ርዝመት ላይ ይጨምሩ፤ 6.086 ሜትር ይሆናል። ይህን በራሱ ያባዙ፤ 37.04 ይመጣል። የክፍሉ ድምር 36.09 ነው። የብረቱ ቁጥር ከክፍሉ ቁጥር ስለበለጠ ብረቱ አይገባም። ማባዛትና ማወዳደር ብቻ ስለሚበቃ እኔ ራሴ በሥራ ቦታ የምመርጠው ይህን መንገድ ነው።

ብዙ ቱቦላሬ በአንድ ላይ ታስሮ የሚገባ ከሆነ ውፍረቱ የአንዱ ሳይሆን የእስሩ ነው። አራት ቱቦላሬ ሁለት በሁለት ሆኖ ሲታሰር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 11.3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የሚበላው ርዝመት ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። አንዱን በሰያፉ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ሁለተኛው በዚያው መስመር ላይ ሊቀመጥ እንደማይችልም ያስቡ።

ደረጃ 5፦ በሩ የሚፈቅደውን ርዝመት ያስሉ

ክፍሉ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ብረት ሁሉ በበሩ ሊገባ ይችላል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ደረጃ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ብረቱ ሙሉ በሙሉ ገብቶ የሚያልቅበትን የመጨረሻ ቅጽበት ያስቡ። በዚያ ቅጽበት የኋላ ጫፉ ልክ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ነው፤ የቀረው አካሉ በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብረቱ ከበሩ ክፍት ቦታ እስከ ክፍሉ ሩቅ ማዕዘን ካለው ርቀት ሊበልጥ አይችልም። በሩ ከጥግ በራቀ ቁጥር ይህ ርቀት ያጥራል።

በእኛ ክፍል በሩ በ3.50 ሜትሩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ለጥጉ የሚቀርበው መቃን ከጥጉ 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ከዚህ መቃን እስከ ተቃራኒው የጎን ግድግዳ 3.50 − 0.20 = 3.30 ሜትር ነው። ወደ ውስጥ ያለው ጥልቀት 4.00፣ ከደፉ እስከ ኮርኒሱ 2.80 ሜትር ነው። ስሌቱ ያው ነው፤ በወርዱ ፈንታ 3.30 ይገባል፦

- 16.00 + 10.89 + 7.84 = 34.73
- ስኩዌር ሩቱ = 5.893 ሜትር
- ውፍረቱ የሚበላው 8.6 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ = 5.807 ሜትር
- ለጥንቃቄ 2 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ = 5.78 ሜትር ገደማ

ክፍሉ ራሱ 5.90 ቢፈቅድም በሩ የሚፈቅደው 5.78 ብቻ ነው። ሁልጊዜ የሚይዙት ከሁለቱ ትንሹን ነው። ያው በር ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በግድግዳው መሐል ቢሆን ኖሮ፣ ከሩቁ መቃን እስከ ጎን ግድግዳው ያለው 2.20 ሜትር ብቻ ስለሚሆን ውጤቱ ከውፍረት በፊት 5.36 ሜትር ነበር። ክፍሉ ሳይለወጥ የበሩ ቦታ ብቻ ከግማሽ ሜትር በላይ ይቀንሳል። አዲስ ማከማቻ ለሚሠሩ ሰዎች በሩን ወደ ጥግ፣ በአጭሩ ግድግዳ ላይ እንዲያደርጉት የምመክረው ለዚህ ነው።

የሚለኩት ከመቃኑ የውስጥ ጠርዝ ነው፤ መዝጊያው ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከማጠፊያው አውልቀው ያስቀምጡ፤ ካላወለቁት የመዝጊያውን ውፍረት ይቀንሱ። ደፉ ከወለሉ ከፍ ያለ ከሆነም ከፍታውን ከ2.80 ይቀንሱ፤ የኋላ ጫፉ ደፉን ካለፈ በኋላ ብቻ ነው ወደ ወለሉ የሚወርደው።

ደረጃ 6፦ ስሌቱን በእንጨት ያረጋግጡ

ሁለቱን ቀጫጭን እንጨቶች አደራርበው አቆራኝተው፣ እየተንሸራተቱ እንዲረዝሙ ላላ አድርገው በጨርቅ ይሰሯቸው። አንዱን ጫፍ በበሩ መቃን ሥር ደፉ ላይ ያስቀምጡ፤ ረዳትዎ ሌላውን ጫፍ ወደ ሩቁ የኮርኒስ ጥግ እያስረዘመ ያድርስ። ጥጉን ሲነካ በሁለቱ እንጨቶች መገናኛ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ አሳጥረው ያውጧቸው፣ ውጭ በምልክቱ ላይ መልሰው ገጥመው ይለኩ። ይህ ከሲባጎ የተሻለ ነው፤ 6 ሜትር ሲባጎ ወይም ሜትር በአየር ላይ ሲወጠር መሐሉ ስለሚረግብ ርቀቱን ከእውነተኛው አስበልጦ ያሳያል።

በእንጨቱ ያገኙት ከስሌቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለየ አንዱ ልክ ተሳስቷል ወይም ክፍሉ ተዛብቷል ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ። ሁለቱ ሳይስማሙ ብረት መግዛት ወይም መቁረጥ አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ብረቱን ያስገቡ

አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይያዝ። የፊቱን ጫፍ ዝቅ አድርገው፣ ወለሉን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፣ በበሩ በኩል በሰያፍ ወደ ሩቁ ጥግ ይግፉት። ጫፉ ጥጉን ሲነካ የኋላው ክፍል ገና ውጭ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የኋላው ሰው ጫፉን መሬት ላይ አድርጎ ለጥጉ በሚቀርበው መቃን ሥር አስጠግቶ ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ የፊቱ ጫፍ በጥጉ መስመር ወደ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። የኋላው ጫፍ ደፉን ሲያልፍ የፊቱ ጫፍ ኮርኒሱ አጠገብ ይደርሳል። ጫፉን ኮርኒስ ላይ አስደግፈው አይተዉት፤ ኮርኒስ ክብደት የሚሸከም ነገር አይደለም። ከግድግዳው ላይ ማስደገፊያ ይሥሩለት።

ጥንቃቄ

- ብረቱን ከመኪና አውርደው ሲያዞሩና ወደ ላይ ሲያቀኑ ከላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስቀድመው ይመልከቱ። ወደ ላይ የቀና የ6 ሜትር ብረት የመንገድ ዳር መስመርን ሊነካ ይችላል፤ ይህ ሕይወት ያጠፋል። ሁልጊዜ አግድመው ይሸከሙት።
- ጫፉ በሚንሸራተትበት ጥግ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የአምፖል መስመር ካለ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ያጥፉ።
- የተቆረጠ የቱቦላሬ ጫፍ ስለታም ነው፤ ጓንት ይልበሱ፣ ጫፎቹን በጨርቅ ይጠቅልሉ። ጨርቁም ውፍረት እንዳለው አይርሱ።
- ብቻዎን አይሞክሩ። የአንድ ሰው እጅ ፊቱንና ኋላውን በአንድ ጊዜ ሊቆጣጠር አይችልም፤ የተለቀቀው ጫፍ ከኮርኒስ ከፍታ ይወድቃል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንዳንዶች ሦስቱን ጎኖች ደምረው 10.30 ሜትር ያገኛሉ፤ ይህ በግድግዳ ጠርዝ እየተከተሉ የሚሄዱበት መንገድ ነው እንጂ ቀጥታ መስመር አይደለም። ሌሎች እያንዳንዱን ጎን በራሱ በማባዛት ፈንታ በ2 ያባዛሉ፤ ከዚህ የተገኘው ድምር 20.60፣ ስኩዌር ሩቱ 4.54 ሜትር ይሆናል። ይህ ስህተት በቀላሉ ይታወቃል፤ የክፍሉ ሰያፍ ከወለል ሰያፉ ማነስ ስለማይችል 5.315ን ያላለፈ ማንኛውም መልስ ስህተት ነው።

ሜትርና ሳንቲ ሜትር ማደባለቅም አለ። 4 እና 3.5 በሜትር ተጽፎ ከፍታው 280 ተብሎ ከገባ ውጤቱ 280.05 ይመጣል፤ ከፍታው ሁሉን ስለሚውጥ መልሱ ከከፍታው ጋር እኩል መስሎ ሲያዩት ስሌቱን ከአሃዱ ጀምረው ይፈትሹ።

በጣም ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከልስንና ከኮርኒስ በፊት ለክቶ ከነሱ በኋላ ማስገባት ነው። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ልስን ሲለሰን ርዝመቱም ወርዱም 4 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ከዚህ ብቻ ሰያፉ 5 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ቤቱ ገና ያልተጨረሰ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይቀንሱ።

ካልገባስ?

መጀመሪያ የሚሠሩበትን ዕቃ ልክ ያውጡ፤ ከዚያ ይቁረጡ። ለምሳሌ 2.10 በ 0.90 ለሆነ በር መቃን ሁለት ባለ 2.10 እና አንድ ባለ 0.90 ሜትር ቁራጭ ያስፈልጋል፤ በድምሩ 5.10 ሜትር ነው። ቱቦላሬውን 4.20 እና 1.80 አድርገው ከቆረጡት ረዥሙ ሁለቱን ቋሚዎች፣ አጭሩ ደግሞ የላዩን አግዳሚና 90 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይሰጣል (መጋዙ የሚበላውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ጨምሮ)። 4.20 ሜትሩ በእኛ ክፍል ወለል ላይ በሰያፍ ሊጋደም ስለሚችል ማዘንበልም አያስፈልገውም። የሚሠሩት ገና ካልታወቀና ብረቱ ሳይቆረጥ መቆየት ካለበት፣ ክፍሉ ውስጥ ከማስገደድ ይልቅ በበረንዳው ጣራ ሥር በግድግዳው ርዝመት አግድመው፣ ከመሬት ከፍ ባሉ ማስደገፊያዎች ላይ ያስቀምጡት፤ 6 ሜትር ቱቦላሬ መሐሉ እንዳይረግብ ማስደገፊያዎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፣ ሁለቱ ዳር ያሉትም ከጫፎቹ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግቡ።